ከ10 ሰዓት እስከ እራት፦ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ምን ይብላ?

(በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ አያቶች፣ መምህራን፣ ቅዳሜ ጠዋታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እኔ ነርስ ነኝ። በጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ስለ ልጆች አመጋገብ ወላጆችን አማክራለሁ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁን አብዛኛውን የተማርኩት በራሴ ወጥ ቤት ተሳስቼ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ቤት ይገባል? 10 ሰዓት? 10 ሰዓት ተኩል? እራትስ ስንት ሰዓት ይቀርባል? 1 ሰዓት ተኩል የምትሉ አላችሁ። 2 ሰዓት የምትሉም አላችሁ፤ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሙትን አውቃለሁ። እንግዲህ አስቡት። ልጁ ምሳውን የበላው 6 ሰዓት ላይ ነው። ቤት ሲገባ አራት ሰዓት ሞልቶታል። እራት እስኪደርስ ደግሞ ሌላ ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀረዋል። ይህ ልጅ ቢርበው ምን ይገርማል?

ስለዚህ መክሰስ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ሁላችንም እንስማማለን። ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰጠነው፣ እራቱን ተወው። ከለከልነው፣ ቤቱን በለቅሶ ሞላው። ዛሬ ስለ ሦስት ነገር እናገራለሁ። ስለ ሰዓቱ፣ ስለ ሳህኑ፣ ከዚያ በኋላ ስለሚዘጋው ወጥ ቤት። ከሦስቱ ሰዓቱ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ የምንሳሳተው እዚያ ስለሆነ።

የትልቁን ልጄን ታሪክ ልንገራችሁ። ያኔ 8 ዓመቱ ነበር። ማታ እራት ሲቀርብ ሁለት ሦስት ጉርሻ ይወስድና "ጠገብኩ" ይላል። 3 ሰዓት ላይ ፒጃማውን ለብሶ፣ ጥርሱን ቦርሾ፣ "እማዬ፣ ራበኝ" ይላል። ወተት እሰጠዋለሁ። ጠዋት ሲነሳ ቁርስ አይበላም። ምሳ ዕቃው ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ማታ ደግሞ ያው ነው። እኔ በሥራ ቦታዬ ሌሎች እናቶችን እየመከርኩ፣ ቤቴ ውስጥ ይህን ማቆም አቃተኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ይከብደኝ ነበር።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ የምትረዳንን ልጅ፣ "ከትምህርት ቤት ከመጣ ጀምሮ የሚበላውን ሁሉ እባክሽ ጻፊልኝ" አልኳት። እሷም ጻፈችልኝ። 10 ሰዓት ላይ አንድ ትንሽ ፓኬት ብስኩት። 10 ከ45 ላይ አንድ ቁራጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ከስኳር ሻይ ጋር። 11 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ሙዝ። 12 ሰዓት ተኩል ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት። ወረቀቱን ሳየው ደነገጥኩ። እያንዳንዱን ብቻውን ብታዩት ትንሽ ነው። ስትደምሩት ግን ወደ 600 ካሎሪ ይጠጋል። ለ8 ዓመት ልጅ ይህ አንድ እራት ነው፤ እንዲያውም ከእራት ይበልጣል። ልጄ እራቱን እምቢ አላለም። እራቱን በልቶ ጨርሷል፤ በአራት ቦታ ከፋፍሎ።

ይህን ልብ በሉልኝ። እራትን የሚያበላሸው መክሰስ መኖሩ አይደለም፤ መክሰስ ማለቂያ ማጣቱ ነው። በየ45 ደቂቃው ትንሽ ትንሽ የሚቀምስ ልጅ በደንብ አይጠግብም፣ በደንብም አይራብም። ረሃብ እንዲመጣ ሆዱ ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ያስፈልገዋል።

ታዲያ ምን አደረግኩ? ተሳሳትኩ። መክሰሱን ከናካቴው አስቀረሁት። "እራት ላይ ይራበውና በደንብ ይብላ" ብዬ አሰብኩ። ብዙዎቻችሁ ይህን ሞክራችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ምን ሆነ? 12 ሰዓት ላይ እህቱን መታት። የቤት ሥራውን ደብተር ወረወረው። አንዱን ቀን እራት ከመድረሱ በፊት ሶፋ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ነቅቶ የበላ ዕለት ደግሞ ሳያኝክ ዋጠና ሆዱን አመመው። እጅግ የራበው ልጅ ጥሩ በላተኛ አይሆንም። ይበሳጫል፣ ይደክመዋል፣ ወይም ሲያገኝ ከመጠን በላይ ይበላል።

ሁለተኛው ሙከራዬ ሳምቡሳ ነበር። ከሥራ ስመለስ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት የምስር ሳምቡሳ ይዤለት እገባለሁ። ምስር ጥሩ ምግብ ነው፤ ምን ችግር አለው አልኩ። እራቱን ነካም አላደረገ። ለምን? ሳምቡሳው በዘይት የተጠበሰ ነው። ቅባት ከሁሉም በላይ በጨጓራ ውስጥ ይቆያል። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የገባው ሳምቡሳ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ገና እዚያው ነው። ቦንቦሊኖም፣ ቺፕስም እንደዚያው ናቸው።

ሦስተኛው ነው የሠራው። ሰዓት ቆረጥኩለት። ቤት ይገባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ዩኒፎርሙን ይቀይራል፣ ውኃ ይጠጣል። 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መክሰሱን ይበላል። ሩብ ሰዓት፣ ቢበዛ 20 ደቂቃ። ከዚያ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እስከ እራት ውኃ ብቻ ነው።

ዋናው ስሌት ይህ ነው፦ መክሰሱ ከእራት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ማለቅ አለበት። እራታችሁ 1 ሰዓት ተኩል ከሆነ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል ወዲህ መክሰስ የለም። ልጁ 10 ሰዓት ቤት ከገባ ግን እስከ 11 ሰዓት ተኩል አታስጠብቁት። እንደገባ ስጡት። ያኔ ነው የራበው፤ በዚያ ሰዓት ንፍሮ ብታቀርቡለትም ይበላል። ጥሩ ምግብ ለማስለመድ ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላየሁም።

አሁን ወደ ሳህኑ ልግባ።

እኛ ለዚህ ምግብ ሁለት ስም አለን። መክሰስ እንለዋለን፣ መቆያም እንለዋለን። መቆያ! ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ምን ዓይነት ምግብ ነው ልጅን የሚያቆይ? ሁለት ነገር ያለበት። አንዱ ፕሮቲን ነው፤ እንቁላል፣ እርጎ፣ አይብ፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ። ሌላው አሰር ነው፤ ያልተፈተገ እህልና ፍራፍሬ ውስጥ ያለው። እነዚህ ከጨጓራ ቀስ ብለው ይወጣሉ። ብስኩትና ከረሜላ ግን ቶሎ ይፈጩና ልጁ ብዙም ሳይቆይ "ሌላ ስጡኝ" ይላል። ለስላሳማ ተዉት። በ300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር አለ። ሆዱን በጋዝ ይነፋዋል እንጂ አያቆየውም።

ስለዚህ ለቤቴ አንድ ቀላል ሕግ አወጣሁ። ሳህኑ ላይ ሁለት ነገር ይኑር፤ አንድ የሚያቆይ፣ አንድ የሚያረጥብ። የሚያቆየው ፕሮቲኑ ነው። የሚያረጥበው ፍራፍሬው ወይም አትክልቱ ነው። ከሁለቱ ጋር አንድ ብርጭቆ ውኃ። አበቃ።

መጠኑስ? ለ7 እና ለ8 ዓመት ልጅ በጠቅላላው ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ይበቃል። ካሎሪ ቁጠሩ አልላችሁም። የልጁን መዳፍ ተጠቀሙ። ከሚያቆየው በልጁ በራሱ መዳፍ አንድ ሙሉ። ከሚያረጥበውም አንድ ሙሉ። የእናንተን መዳፍ አይደለም፤ የሱን! አያቶች እዚህ ላይ ነው የምለምናችሁ። እናንተ በፍቅር ስትዘግኑ እጃችሁ ትልቅ ነው። የልጁ መዳፍ ሲያድግ መጠኑም አብሮ ያድጋል። ኳስ ሲጫወት የዋለ ዕለት ግማሽ ያህል ጨምሩለት።

በእኛ ቤት ሳምንቱ እንዲህ ነው የሚሄደው። ሰኞ አንድ የተቀቀለ እንቁላልና ግማሽ ሙዝ። ማክሰኞ የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ከብርቱካን ጋር። ረቡዕ ጾም ለሚጾም ቤት ይመቻል፤ ገብስ ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር፣ ከጎኑ ፓፓያ። ሐሙስ ግማሽ ብርጭቆ እርጎ፣ ስኳር ሳይገባበት፣ ከትንሽ ቁራጭ ዳቦና ካለን ፍሬ ጋር። ዓርብ እንደገና ንፍሮ፣ ወይም የበሶ ጭብጦ። ጭብጦው ከልጁ ጡጫ እንዳይበልጥ፣ ዘይቱም ማንኪያ እንዳያልፍ፤ ያለፈ እንደሆነ እንደ ሳምቡሳው እራቱን ይወስድባችኋል። ይህን እንዳለ ገልብጡ አልላችሁም። ሙዝ በተወደደ ሳምንት ካሮት ይሁን። እርጎ ከሌለ ባቄላ ይሁን።

ስለ ንፍሮ ትንሽ ልቆይ፤ ሥራ አለው ብላችሁ እንዳትሸሹት። ቅዳሜ ማታ አንድ ብርጭቆ ሽምብራና አንድ ብርጭቆ ስንዴ ለየብቻ ትዘፈዝፋላችሁ። እሑድ ሽምብራውን ቀድማችሁ ትጥዳላችሁ፤ ለመብሰል እሱ ይቆያልና። መላላት ሲጀምር ስንዴውን ትጨምራላችሁ። ጨው መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ። መብሰሉን በጣት ጨፍልቁና እዩ፤ ካልተፈረከሰ ለልጅ አልደረሰም። ውኃውን አጥልሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ለዓርቡ ረቡዕ ማታ ትንሽ ትቀቅላላችሁ። ፍሪጅ ከሌላችሁ ለዕለቱ ብቻ ቀቅሉ። ንፍሮ ሲበላሽ ይነግራችኋል፤ ይዝለገለጋል፣ ይኮመጥጣል። ያን ጊዜ ማጠብና ማሞቅ አያድነውም፤ ጣሉት።

ቆሎንና ኦቾሎኒን በሚመለከት ግን አንድ ጠንከር ያለ ነገር አለኝ። ታናሽ ወንድም ወይም እህት ቤት ውስጥ አለች? ከ4 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቆሎም ሆነ ኦቾሎኒ አትስጡ። ጉሮሮው ይዘጋል። ይህን በሥራዬ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ማየት አልፈልግም። ለትንሿ በደንብ የበሰለ ንፍሮ፣ የሽምብራው ልጣጭ ወጥቶ፣ ተጨፍልቆ ይሰጣት። ትልቁም ቢሆን ቁጭ ብሎ ይብላ። እየሮጠ ቆሎ መቃም የለም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትረሱትን ልናገር። መክሰስ ከማቅረባችሁ በፊት ምሳ ዕቃውን ክፈቱ! ባዶ ነው? ደህና፣ የተለመደው መክሰስ ይበቃዋል። ግማሹ ተመልሷል? እንግዲያው ልጁ የመጣው በመክሰስ ረሃብ ሳይሆን በምሳ ረሃብ ነው። አንድ እንቁላል አያቆየውም። የዚያን ቀን ትንሽ ምግብ ስጡት፤ ሩብ እንጀራ በሽሮ ወይም በምስር፣ ወዲያው 10 ሰዓት ላይ። የተመለሰውን ምሳ ግን "አይባክን" ብላችሁ እንዳታበሉት። ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳ ውስጥ የዋለ ምግብ ነው፤ በተለይ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ወተት ነክ ከሆነ ሆድ ያማል። ምሳው በተከታታይ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ልጁን ጠይቁት። የኔው ልጅ ስጠይቀው "ፓስታው ይደርቃል፣ ደግሞም ለመብላት የሚሰጡን ሰዓት አጭር ነው" አለኝ። እኔ ወር ሙሉ መክሰሱን ስቀያይር፣ ችግሩ ምሳው ላይ ነበር።

ሦስተኛው ነገር ወጥ ቤቱ ነው። 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል ብያለሁ። ልጁ ግን 12 ሰዓት ላይ መጥቶ "ራበኝ" ይላል። እውነት ርቦት ነው ወይስ ሰልችቶት? እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። "ውኃ ጠጣና ንፍሮ ልስጥህ?" እለዋለሁ። "እሺ" ካለ ርቦታል። "ንፍሮ አልፈልግም፣ ብስኩት ነው የምፈልገው" ካለ አልራበውም፤ ካርቱኑ አልቆበት ነው። ያን ጊዜ ሰላጣ እንዲያጥብልኝ እጠራዋለሁ።

እውነት ከራበውስ? እራቱ ሊደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ሌላ መክሰስ አትክፈቱ። ከእራቱ ላይ ቆርሳችሁ ስጡት። ወጥ ውስጥ የገባ ካሮት፣ አንድ ቁራጭ ድንች፣ ለሰላጣ የተከተፈ ቲማቲም። ይህ ከእራቱ ስለተቀነሰ እራቱን አይነካም። አትክልት የማይበሉ ልጆች ቆመው፣ ከሳህን ላይ ሳይሆን ከመክተፊያው ላይ ሲያገኙት ሲበሉት አይቻለሁ።

ኤሊን ሳተር የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው ወላጁ ነው። ከቀረበለት ውስጥ ምን ያህል እንደሚበላ የሚወስነው ልጁ ነው። ይህን ስሰማ ለኛ ይከብዳል ብዬ ነበር። እኛ አጉራሽ ሕዝብ ነን። "በሞቴ፣ አንዴ ብቻ" እንላለን። እንግዳን እናጉርስ፣ ደስ ይላል። ልጅን መክሰስ ላይ "ጨርስ" እያሉ ማጉረስ ግን እራቱን መቀማት ነው። ግማሽ በልቶ "በቃኝ" ካለ ሳህኑን አንሱ። ያኔ ግን ቀጣዩ ምግብ እራት መሆኑን በለሆሳስ ንገሩት።

እቅዱ መሥራቱን እንዴት ታውቃላችሁ? አምስት ቀን ጻፉ። ስንት ሰዓት በላ፣ ምን በላ፣ ከእራቱ ምን ያህል በላ። ከአምስቱ ቀን በሁለቱ እራቱን ከግማሽ በላይ ከተወ፣ መክሰሱን በሩብ ሰዓት አስቀድሙ ወይም መጠኑን ቀንሱ። ሁለቱን በአንዴ አትቀይሩ፤ የቱ እንደሠራ አታውቁም። በተቃራኒው 12 ሰዓት ላይ እውነት የሚርበው ከሆነ፣ ዳቦ ከመጨመር የሚያቆየውን ጨምሩ። የኔ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት 11 ሰዓት ተኩል ላይ አለቀሰ። አራተኛው ቀን ላይ አጉረመረመ። አሥር ቀን ገደማ ሲሞላው እራቱን በልቶ "ድገሚኝ" አለ። የ3 ሰዓቱ ወተት በራሱ ጊዜ ቀረ። ጠዋት ቁርስ መብላት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ ሁሉ ለጤነኛ ልጅ ነው። ሰዓቱ ተስተካክሎም ልጁ ለሳምንታት ምግብ እምቢ ካለ፣ ልብሱ እየሰፋው ከሄደ፣ ወይም ያለልክ ውኃ እየጠጣ ሌሊት ሌሊት ለሽንት የሚነሳ ከሆነ፣ መክሰስ አትቀያይሩ። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ከመጨረሴ በፊት ቅድም እዚህ ስገባ አንዲት አያት የጠየቁኝን ልመልስ። "ልጄ፣ ሻይ በዳቦስ? እኛ በዚያ ነው ያደግነው" ብለውኛል። እማማ፣ ዳቦው ይሁን፤ ቁራጩ ትንሽ ሆኖ ኦቾሎኒ ቅቤ ወይም አይብ ይቀባበት። ሻዩን ግን ከምግብ ጋር አይስጡት። የሻይ ቅጠል በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነቱ እንዳይወስድ ያደርጋል። ስኳሩም አለ። ሙቅ ነገር ካማረው ቀረፋና ቅርንፉድ አፍልተው፣ የሻይ ቅጠል ሳይጨምሩ፣ በግማሽ ማንኪያ ስኳር ይስጡት። የኔዋ ትንሿ ልጅ "የእማማ ሻይ" ትለዋለች፤ ቅጠል እንደሌለው እስካሁን አላወቀችም።

አሁን ወረቀት አዞራለሁ፤ አምስት ቀን የምትጽፉበት ነው። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሱ፤ ከኋላ እንጀምር።